«ጭሱ አልቋል እኮ!»

ዛሬ የማጫውታችሁ በምንኖርበት ሕንፃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስለነበረ አንድ ወረቀት ነው። ብዙዎቻችሁ በየሕንፃችሁ መግቢያ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ሳታዩ አትቀሩም። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ «ማሳሰቢያ» ብሎ ይጀምራል። እናንተም እንደኔ የመጀመሪያውን መስመር አይታችሁ ወደ ደረጃው ታልፋላችሁ።

የእኛው ወረቀት እንዲህ ይል ነበር፦

«ማሳሰቢያ፦ በሕንፃችን ውስጥ አንዳንድ ነዋሪዎች የመብራት መቋረጥን ምክንያት በማድረግ በቤታቸው ውስጥ ከሰል በማንደድ ላይ የሚገኙ መሆኑ የተደረሰበት ስለሆነ ከከሰል ጭስ ሊከሰት የሚችለውን የሕይወትና የንብረት አደጋ ለመከላከል ሲባል ማንኛውም ነዋሪ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን እያሳሰብን ይህንን ተላልፎ የተገኘ ነዋሪ በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ መሠረት የሚጠየቅ መሆኑን በጥብቅ እናስታውቃለን።»

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት፤ ልክ 50 ቃል ነው። 50ውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ወር፣ መብራት በጠፋበት አንድ ማታ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከምትኖር ጎረቤታችን ቤት ሩጫና ጩኸት ሰማን። እዚያ ቤት የምትሠራው ልጅ፣ ዕድሜዋ ሃያ ቢሆናት ነው፣ ትንሿ ክፍሏ ውስጥ እያስመለሳት፣ ራሷን መያዝ አቅቷት ተገኘች። ከአልጋዋ ሥር የከሰል ምድጃ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጎረቤታችን ከሥራ የገባችው በሰዓቱ ነው። ልጅቷን ተሸክመን ወደ አየር አወጣናት፤ ጤና ተቋም ወስደናት ኦክስጅን ተሰጣት፤ በማግሥቱ በእግሯ ተመለሰች። ጎረቤታችን አንድ ሰዓት ዘግይታ ቢሆን ኖሮ ይህንን ወግ አልጽፈውም ነበር።

መጀመሪያ ያሳጠርኩት ወረቀት

የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ ደግ አባት ናቸው። በሦስተኛው ቀን በሬን አንኳኩ። «እህቴ፣ አንቺ መጽሔት ላይ ትጽፊያለሽ፤ እስቲ ያንን ማሳሰቢያ አሳምሪልን። በቀይ ቀለም፣ በትልቁ እናሳትመዋለን» አሉኝ።

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ሳየው ችግሩ ወዲያው የታየኝ መሰለኝ። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሐሳቡ ረጅም ሲሆን አንባቢው ይፈቀድ ይከልከል ሳያውቅ መንገድ ይሄዳል። በዚህ ወረቀት ላይ «የተከለከለ» የሚለው ቃል የሚገኘው 36ኛው ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ኮሚቴው ለምን ስብሰባ እንደተቀመጠ ይተርካል። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ስለ ደንቡ ነው። ለአንባቢው ሕይወት የሚበጀው ሐሳብ መሐል ላይ ተቀብሯል።

ሌላም ነገር አየሁ። «የተከለከለ ነው» የሚለው አነጋገር ስለ ከልካዩ እንጂ ስለ አደጋው አይናገርም። «ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው በልቡ የሚጠይቀው «ማን ያየኛል?» ብሎ ነው። በየግቢው በር ላይ ያለውን «ተናካሽ ውሻ አለ» የሚለውን ጽሑፍ ግን አስቡት። ሦስት ቃል ብቻ ነው። ማንንም አይከለክልም፣ ማንንም አያስፈራራም፣ ደንብም አይጠቅስም። ያለውን ነገር ብቻ ይነግራችኋል፤ እናንተም እጃችሁን ከበሩ መዝጊያ ላይ ራሳችሁ ታነሣላችሁ።

ስለዚህ እኔም አሳጠርኩት፦

«የከሰል ጭስ ይገድላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አያንድዱ።»

ከ50 ቃል ወደ 8! አደጋው ፊት ለፊት ወጣ፣ ትእዛዙ ተከተለ፣ በአክብሮት ተጻፈ። ደስ አለኝ። ሰብሳቢያችንም «አበጀሽ!» አሉኝ። ልናሳትመው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ልጅቷን ለመጠየቅ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ ወረቀቱንም ይዤ ነበር።

ልጅቷ የነገረችኝ

ቡና እየቀዳችልኝ ወረቀቱን አሳየኋት። አነበበችው። ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ናት፤ ጥሩ አድርጋ ታነባለች።

«ይሄ ቢኖር ኖሮ ምድጃውን ታስገቢው ነበር?» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። ቀና ብላም «እትዬ፣ የታችኛውንም እኮ አንብቤዋለሁ» አለችኝ። «ጭስ ነው የሚለው። እኔ ጭሱ እስኪያልቅ በረንዳ ላይ አቆይቼው ነው ያስገባሁት። ጭሱ አልቋል እኮ! ደግሞ በተዘጋ ክፍል ነው የሚለው፤ እኔ መስኮቱን ገርበብ አድርጌዋለሁ።»

ምን እንደምላት ጠፋኝ። ልጅቷ ማስጠንቀቂያውን አልናቀችም፤ ቃል በቃል ፈጽማዋለች። ጭስ ይገድላል ስላላት ጭሱን አስወገደች። የተዘጋ ክፍል ስላላት መስኮት ከፈተች። ከዚያ በኋላ በቅን ልቦና ፍሙን ከአልጋዋ ሥር አስቀምጣ ተኛች። የእኔ ባለ 8 ቃል ወረቀትም ያንኑ ስህተት በአጭሩ የሚያስተምር ሆኖ ተገኘ። እንዲያውም አጭርና ግልጽ ስለሆነ ይበልጥ ይታመናል።

እዚህ ላይ ስለ ከሰል ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ከሰል ሲቀጣጠል የምናየው ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ስለዚህ ሰው ይሸሸዋል። ከሰሉ ከፋመ በኋላ ጭሱ ይጠፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ከፍሙ መውጣቱን ይቀጥላል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይንም አያቃጥልም። ወደ ሳንባ ሲገባ ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዝና ኦክስጅኑን ያስቀራል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል። ሰውየው ተኝቶ ከሆነ እነዚህን ምልክቶች ሳያውቃቸው ሊሞት ይችላል። ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም ጋዙ ይወጣል። ገርበብ ያለ መስኮት ደግሞ በትንሽ ክፍል ውስጥ ዋስትና አይሆንም።

እንግዲህ «ጭስ» የሚለው ቃል ዓይናችን የሚያየውን ያመለክታል፤ የሚገድለው ግን የማይታየው ነው። ኮሚቴው ሲጽፍ፣ እኔም ሳሳጥር፣ «ጭስ» ያልነው ሁላችንም በልምድ «በከሰል ጭስ ታፍኖ ሞተ» ሲባል ስለምንሰማ ነው። እኛ ጋዙን አስበን ጻፍነው፤ እሷ ጭሱን አስባ አነበበችው።

«ጭሱ ካለቀ በኋላ ያለውን ምን ትይዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ፍም ነዋ!» አለችኝ፤ ይህን አለማወቄ እየገረማት።

ለማስጠንቀቂያው የፈለግኩት ቃል እሱ ነበር። ያገኘሁትም መጀመሪያ ከተጻፈበት ጠረጴዛ ሳይሆን፣ ምድጃውን በእጇ ከምትይዘው ሰው አፍ ነው።

እንደገና ስንጽፈው

ማንኛውም የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄ መመለስ አለበት፦ አደጋው ምንድን ነው? ምን ያደርሳል? እኔ ምን ላድርግ? በሌላው ዓለምም የደኅንነት ምልክት የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች የሚከተሉት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን «ፍም ይገድላል» መለሳቸው። ልጅቷን የሳታት ነገር ደግሞ ጭሱ ስለነበር «ባይጨስም» የሚል አንድ ቃል ተጨመረ። «ፍም ይገድላል፤ ባይጨስም።» ይህ አንድ ቃል ከሁሉም በላይ የሚሠራ ነው፤ አንባቢው በልቡ የያዘውን መልስ ቀድሞ ያገኘዋልና።

ሦስተኛው ጥያቄ አስቸገረን። «ክፍል ውስጥ አያስገቡ» ብንል፣ ሰው የማይሆነውን እንጂ የሚሆነውን አላወቀም። በዚያ ላይ በአማርኛ «ያስገቡ» እና «አያስገቡ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ወረቀቱ ጥጉ ላይ ቢቀደድ፣ ወይም በሻማ ብርሃን ያቺ «አ» ብትሰወር፣ ማስጠንቀቂያው ግብዣ ይሆናል። ስለዚህ የሚደረገውን አስቀደምን፦ «ምድጃውን ውጭ ይተዉት።» የማይደረገው ከዚያ በኋላ ይከተላል።

ይህንን ለጥበቃችን አሳየሁት። «ውጭ ማለት ኮሪደሩ ነው?» አለኝ። ልክ ነው፤ ኮሪደራችን መስኮት የለውም፣ የሁሉም ሰው በር ይከፈትበታል። «ውጭ» የሚለው ተሰረዘና «በረንዳ» ተባለ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናት ደግሞ አነበቡትና «የእኔን በረንዳ እኮ ልጄ በመስታወት ዘግቶልኛል፤ እዚያ ይሁን?» አሉ። በመስታወት የተዘጋ በረንዳ በረንዳ መሆኑ ቀርቷል፤ ክፍል ነው። ስለዚህ «ክፍት በረንዳ» አልነው። እያንዳንዱ ቃል የገባው አንድ ሰው ስለተሳሳተበት ነው። ማንም ያልተሳሳተበትን ቃል አልጨመርንም።

አክብሮቱን በተመለከተ ከሰብሳቢያችን ጋር ትንሽ ተከራከርን። እሳቸው «እባክዎ» ይቅደም አሉ፤ አለበለዚያ ነዋሪው ይቀየማል። እኔ ደግሞ «እባክዎ» የውለታ ቃል ነው ባይ ነኝ። «እባክዎ በሩን በቀስታ ይዝጉ» ስንል ለእኛ ሲባል አንድ ነገር እንዲደረግልን እንለምናለን፤ ያ ተገቢ ነው። ፍም ግን የኮሚቴው ጉዳይ አይደለም፣ የአንባቢው ሕይወት ነው። ገደል አፋፍ ላይ የቆመን ሰው «እባክዎ» ብለን አንጀምርም። ደግነቱ አማርኛ አክብሮትን በግሡ ውስጥ ያስቀምጥልናል። «ተው» ሳይሆን «ይተዉት»፣ «ውጣ» ሳይሆን «ይውጡ» ስንል አክብረናል፤ ተጨማሪ ቃል አላስፈለገንም። «አታስገባ» ብንል ወንዱን ብቻ ተናግረን ምድጃውን የያዘችውን ሴት እንዘላት ነበር፤ የአክብሮቱ ግሥ ግን ለሁለቱም ነው። በዚህ ተስማማን።

ቀጥሎ የመጣው የቡናው ጉዳይ ነው። አንዲት ጎረቤታችን «ቡናስ? ለቡና ካልሆነ በስተቀር በሉበት» አለች። እኔም ቡና ወዳጅ ነኝና ልቤ ተከፈለ። ነገር ግን የልጅቷ ምድጃ ወደ መኝታዋ የገባው ከቡናው በኋላ ነው። ረከቦቱ ሲነሣ የተረፈውን ፍም «ለብርድ ይሁነኝ» ብላ ወሰደችው። «በስተቀር» የሚለውን ብንጽፍ ኖሮ አደጋው የገባበትን በር ራሳችን በጽሑፍ እንከፍተው ነበር። ሳንጽፈው ቀረን። ከሰሉን በረንዳ ላይ አድርገን ጀበናውን እዚያው ማፍላት፣ ሲኒውን ቤት ውስጥ ማቅረብ ይቻላል። ይህ ግን ጎረቤት ለጎረቤት የሚነጋገረው እንጂ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍር አይደለም።

በመጨረሻ ወረቀቱ እንዲህ ሆነ፦

አደጋ!
ፍም ይገድላል፤ ባይጨስም።
ምድጃውን ክፍት በረንዳ ላይ ይተዉት፤ ወደ ቤት አያስገቡት።
ራስዎን ካመመዎ ወይም ካዞረዎ ቶሎ ወደ ውጭ ይውጡ።

ሁሉም 20 ቃል ነው። ከእኔ 8 ቃል ይረዝማል፤ ነገር ግን ይበልጥ ፈጣን ነው፤ አንባቢው የሚያደርገውን ለማወቅ ቆም ብሎ መተርጎም አያስፈልገውም። የመጨረሻው መስመር የተጨመረው ለሌላ ሰዓት ነው። ማስጠንቀቂያው ያልደረሰው ወይም ያልሰማው ሰው ቢኖር፣ ራስ ምታቱን «ጉንፋን ነው» ብሎ እንዳይተኛ ነው። ደንቡና ቅጣቱ ወጣ። ማኅበሩ የፈለገውን ደንብ በስብሰባ ላይ ሊያነብ ይችላል።

«ገባሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የሚቀር አንድ ሥራ አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ለአምስት ሰው አሳየነው፦ ለጥበቃችን፣ ለልጅቷ፣ ለሁለተኛ ፎቅ እናታችን፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጄና ከገጠር ለሕክምና መጥተው ለነበሩ አንድ እንግዳ።

አሳይታችሁ «ገባሽ?» ወይም «ገባዎት?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም «አዎ» ይላችኋል። ይሉኝታችን አይታወቅም እንዴ? «አልገባኝም» ማለት ጸሐፊውን ማሳፈር፣ ራስንም ማዋረድ ይመስለናል። ስለዚህ ወረቀቱን እስከ አምስት ቆጥራችሁ ታሳያላችሁ፤ ከዚያ ትሸፍኑትና ሁኔታውን ትሰጣላችሁ። እኔ ልጅቷን «መብራት ጠፍቷል፣ በርዶሻል፣ የፋመ ምድጃ ይዘሽ የበረንዳው በር ላይ ቆመሻል። አሁን ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት። መልሱ «አልገባም» ወይም «እዚሁ አስቀምጬ በሩን ዘግቼ እገባለሁ» ከሆነ ወረቀቱ ሠርቷል። መልሱ «እጠነቀቃለሁ» ከሆነ ግን አልሠራም። «እጠነቀቃለሁ» ማለት ሰውየው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ማለት ነው። በነገራችን ላይ «ጥንቃቄ ያድርጉ» የሚሉ ጽሑፎች ሁሉ የሚያገኙት መልስ ይኸው ነው።

አራቱ በትክክል መለሱ። እንግዳው «ባይጨስም» የሚለውን «ባይጨርስም» ብለው አነበቡት፤ ፊደሉ ደቃቅ ነበርና። ይህ ወደ ፊደሉ መጠን ወሰደን።

ለማስጠንቀቂያ ጽሑፍ የተለመደ አንድ መለኪያ አለ፦ በጥሩ ብርሃን፣ አንባቢው በራቀ በየሦስት ሜትሩ የፊደሉ ቁመት ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ይሁን ይላል። የእኛ ወረቀት ግን የሚነበበው በጥሩ ብርሃን አይደለም። ከሰል የሚቀጣጠለው መብራት ሲጠፋ ነው! ማስጠንቀቂያችን ሥራውን የሚሠራው በሻማ ወይም በስልክ መብራት ነው። በዚያ ላይ የአማርኛ ፊደል ከጓደኛው የሚለየው በትንሽ ጭረትና ቀለበት ስለሆነ፣ መለኪያውን እጥፍ አደረግነው። በቀይ መጻፉም ቀረ፤ ቀይ ፊደል በደብዛዛ ብርሃን እንደ ጥቁር ጎልቶ አይታይም። ጥቁር ፊደል በቢጫ ላይ አደረግን፤ ቢጫ ሦስት ማዕዘን በዓለም አቀፉ የደኅንነት ምልክት «ተጠንቀቁ» ማለት ስለሆነ ከእሱም ጋር ይስማማል።

የተለጠፈበትም ቦታ ተለወጠ። የድሮው ወረቀት ያለው ምድር ቤት፣ ከደብዳቤ ሣጥኖቹ አጠገብ ነበር። እዚያ ማንም ምድጃ ይዞ አይቆምም። ውሳኔው የሚወሰነው በረንዳው በር ላይ፣ ሁለት እጅ ምድጃ ይዞ፣ ዓይን ፊት ለፊት ሲያይ ነው። ስለዚህ ለየቤቱ አንድ አንድ ታትሞ በበረንዳው በር ላይ በዓይን ቁመት፣ በረንዳ ላይ ለቆመ ሰው በሚታይበት በኩል፣ ከዝናብ በላስቲክ ተሸፍኖ ተለጠፈ።

ወረቀት የማይችለው

ወረቀቱ ሲለጠፍ ልጅቷ አንድ ነገር አለችኝ። «እትዬ፣ ይሄ ቢኖር ኖሮ አላስገባውም ነበር። ግን ይበርደኝ ነበር።»

ጎረቤታችን ይህንን ስትሰማ በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ብርድ ልብስ ገዛችላት። እውነቱን ለመናገር፣ ከወረቀቱ ይልቅ ፍሙን ከክፍሏ ያስወጣው ብርድ ልብሱ ነው። ማስጠንቀቂያ ከሰው ችግር ጋር ሲጣላ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው ማስጠንቀቂያው ነው። አንድ ጽሑፍ በደንብ ተጽፎ፣ በቦታው ተለጥፎም ሰው ካልፈጸመው፣ በትልቅ ፊደል እንደገና ከማሳተማችሁ በፊት «ይህንን ላለማድረግ ምን ያስፈልገዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጽሑፍ ጨርሶ የማይደርስበትም ቦታ አለ። በረኪናን በውኃ ላስቲክ ጠርሙስ ገልብጠን «አይጠጣም» ብለን የምንጽፍ አለን። የሦስት ዓመት ልጅ አያነብም፤ ጠርሙሱን ግን ያውቀዋል፤ ውኃ የሚጠጣበት ነው። ለማንበብ ጀማሪ ለሆነ ልጅም አማርኛችን ማጥበቅና ማላላቱን ስለማይጽፍ «አይጠጣም» የሚለው «እሱ አይጠጣም» ተብሎም ይነበባል። እዚያ ላይ ቃል ማሳመር ከንቱ ነው። በረኪናው በራሱ ዕቃ ይቀመጥ፣ ዕቃውም ልጅ ከማይደርስበት ቁም ሣጥን ይቆለፍበት።

ቤታችሁ ውስጥ ወይም ሕንፃችሁ ላይ እናንተ ራሳችሁ የጻፋችሁት ማስጠንቀቂያ ካለ፣ ለቡታጋዙም ይሁን ለሊፍቱ፣ ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው አሳዩት። የምታሳዩት ግን ለተማረው ወዳጃችሁ አይሁን፤ ዕቃውን በእጁ ለሚይዘው ሰው ይሁን። ሸፍናችሁም «አሁን ምን ታደርጋለህ?» በሉት። በመልሱ ውስጥ እናንተ የሳታችሁትን ቃል ታገኙታላችሁ።

ባለፈው ሳምንት እንደገና መብራት ጠፋ። ከሱቅ ስመለስ ከግቢው ቀና ብዬ ሕንፃችንን አየሁት። አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ አንድ ምድጃ ብቻውን ቀልቶ ይታያል፤ በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ የሻማ ብርሃን ይወዛወዛል።